ክስ ከመከፈቱ በፊት ጠበቃችሁ ሊጽፍላችሁ የሚገባው ደብዳቤ

ጠበቃ ቢሮ ገብቶ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚወጣው አንድ አረፍተ ነገር ነው። «ጉዳይዎ ጠንካራ ነው፣ አያስቡ።» ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልና ይሰጣል፣ ቅድሚያ ክፍያውን ይከፍላል፣ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የቀጠሮ ቀን ብቻ ነው። ጉዳዩ በድምሩ ስንት ይፈጃል? ስንት ዓመት? ብሸነፍስ? ባሸንፍ ደግሞ ገንዘቡ በርግጥ እጄ ይገባል ወይ? እነዚህን በወረቀት አስፍሮ የሰጠው የለም። እሱም አልጠየቀም፣ ምክንያቱም መጠየቅ ጠበቃውን አለማመን ይመስላል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያት አለ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ከወጣ ወዲህ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባለው አሠራር ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። መዝገቡ ወደ አስማሚ ከተመራ ተከራካሪዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጡና «በስንት ትስማማላችሁ?» ይባላሉ። ያኔ ቁጥር በእጁ የሌለው ደንበኛ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ በእልህ «አንድ ብር አልቀንስም» ይላል፣ ወይ ተሰላችቶ የተባለውን ይቀበላል። ሁለቱም ውሳኔ አይባሉም።

ስለዚህ ደብዳቤው ምን ሊል እንደሚገባ በአንድ ምሳሌ ልሂድበት። ምሳሌው የፈጠርኩት ነው፣ ግን የንግድ ክርክር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል።

አንዲት ሴት አዲስ አበባ ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት መሥሪያ አላት። ከአንድ ሕንፃ ተቋራጭ ጋር በ2,400,000 ብር ተዋዋለች። 900,000 ብር ቅድሚያ ተቀበለች፣ ሥራውን ሠርታ አስረከበች፣ 1,500,000 ብር ቀረላት። ተቋራጩ ሲጠየቅ ዛሬ ነገ እያለ ቆየና በመጨረሻ «40 ቀን ዘግይተሻል፣ 12 መስኮት ደግሞ ልኩ ተሳስቷል፣ 600,000 ብር ይቀነስልኝ» አለ። እሷ በጣም ተናዳለች። ልክ ናት ወይ? በከፊል።

ጠበቃዋ ሊጽፍላት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ስለ ሕግ አይደለም፤ ስለ ወረቀቶቿ ነው። እንዲህ ቢጀምር ደስ ይለኛል፦

«ውሉ አለ፣ የሁለታችሁም ፊርማ አለበት። የርክክብ ሰነዱን ግን የፈረመው የተቋራጩ ስቶር ኪፐር ነው፤ ውክልና የለውም ሊሉ ይችላሉ፣ እኔ ግን ያን ያህል አያሰጋንም እላለሁ፣ ቀደም ሲል በእሱው ፊርማ የገባ ዕቃ ተከፍሎበታልና። የሚያሰጋን ሌላ ነው። ከ40ው ቀን 18ቱ ቀን የግድግዳው ክፍተት ስላልተዘጋጀ የቆማችሁበት እንደሆነ ነግረውኛል። ይህን የሚያሳየው በቴሌግራም የላኩት አንድ መልእክት ብቻ ነው። ስልኩን እንዳይቀይሩ፣ መልእክቱን እንዳያጠፉ። ስለ 12ቱ መስኮቶች ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ፣ ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ ልኩ ተሳስቷል።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ብዙ ጠበቆች አይጽፏትም። ደንበኛው ይቀየመኛል፣ ሌላ ጠበቃ ጋ ይሄዳል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ገበያው ውስጥ «መቶ በመቶ እናሸንፋለን» የሚል ሰው አይጠፋም። ግን ደካማ ጎኑን ከጠበቃዋ ያልሰማች ደንበኛ ከተቃራኒ ጠበቃ በችሎት ትሰማዋለች፤ ያኔ ዋጋው ሌላ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው አደጋ ነው። እዚህ ላይ «ጠንካራ»፣ «ጥሩ ዕድል አለን» የሚሉ ቃላት ምንም አይሠሩም። ጠበቃው ጥሩ ዕድል ሲል ከአስር ስድስት ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ ደንበኛዋ የምትሰማው ግን ከአስር ዘጠኝ ተኩል ነው። ስለዚህ ግምቱን በቁጥር ማስቀመጥ ይሻላል፣ ግምት መሆኑን እየተናገሩ። ደግሞ አንድ ቁጥር አይበቃም፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ክስ በመርታትና በመረታት ብቻ አይደለም የሚያልቀው። መሃል ላይ የሚያርፍበት ሰፊ ቦታ አለ።

በምሳሌያችን ጥሩው ውጤት 1,500,000 ብር ሙሉ መፈረድ ነው። መጥፎው፣ ተቋራጩ የጠየቀው ሁሉ ተቀባይነት አግኝቶለት 900,000 ብር ብቻ መፈረድ ነው። ሙሉ በሙሉ መረታት ርክክቡ ስላለ ሩቅ ነው። መሃሉን እንዴት እናግኘው? ውሉ በየቀኑ መዘግየት ከውሉ ዋጋ 0.1 በመቶ መቀጫ ይላል እንበል፤ ይህ በቀን 2,400 ብር ነው፣ በ40 ቀን 96,000 ብር። የቴሌግራሙ መልእክት ተቀባይነት ካገኘ ግን 22 ቀን ብቻ ይቀራል፣ 52,800 ብር። 12ቱ መስኮቶች እያንዳንዳቸው 14,000 ብር ናቸው፣ 168,000 ብር። መልእክቱ ባይታመንልን ብለን በጥንቃቄ ከሄድን 1,500,000 ሲቀነስ 96,000 ሲቀነስ 168,000 ስናደርገው 1,236,000 ብር ይሆናል። ጠበቃዋ «ከአስር ስድስት ያህሉ ዕድል ፍርዱ እዚህ አካባቢ ያርፋል» ቢላት፣ በዚህ አንድ አረፍተ ነገር ከአስር ገጽ የሕግ ትንታኔ የበለጠ ነግሯታል።

የተቋራጩ 600,000 ከየት እንደመጣም መጻፍ አለበት። ሁለቱን ጥያቄዎቹን ብንደምራቸው 264,000 ብር ናቸው። የቀረው 336,000 ብር ምንም የቆመበት ነገር የለም፤ ለድርድር የተጋነነ ቁጥር ነው። ይህን ማወቅ ንዴትን በጣም ያበርዳል። ደግሞ አንድ ነጥብ ለእሷ ይረዳል፦ የሽያጭ ሕጋችን ገዢው ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ቶሎ ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ተቋራጩ ስለ መስኮቶቹ የተናገረው ገንዘብ ሲጠየቅ ከሆነ፣ ይህ በክርክሩ ላይ ይነሳበታል።

አሁን ወለድ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1751 ሕጋዊውን ወለድ በዓመት 9 በመቶ አድርጎ አስቀምጦታል። ገንዘብ ለመክፈል የዘገየ ሰው ይህን ወለድ ይከፍላል፣ ሲቆጠር ግን በመርህ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው ቀን ጀምሮ ነው። ለዚህ ነው ደብዳቤው «ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥተውታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያለበት። በስልክ መቶ ጊዜ መለመን ወለድ ለመቁጠር ብዙም አይረዳም። አንዲት ፊርማ ያለባት፣ የደረሰችበት ቀን የሚታወቅ ወረቀት ግን ትረዳለች።

9 በመቶ ጥሩ ይመስላል፣ ዋጋ የሚንረው ከዚያ በታች ቢሆን። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄዶ እንደነበር የማያስታውስ የለም። በዚያ ጊዜ ባለዕዳ የሆነ ሰው መዝገብ ማስረዘሙ ራሱ ትርፍ ነበር፤ ወለዱ እየተቆጠረም ቢሆን። ይህን ደንበኛዋ ካልተነገራት መዘግየቱን እንደ አሰልቺ ነገር ብቻ ታየዋለች፣ ገንዘቧን እየበላ መሆኑ አይታያትም።

ወጪው ጋ ስንመጣ ደብዳቤው አንድ ድምር ሳይሆን መቼ ምን እንደሚከፈል መናገር አለበት። ክሱ ሲከፈት የዳኝነት ክፍያ አለ፤ በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ተሰልቶ ቀድሞ ይከፈላል፣ ስለዚህ የማይገኝ ነገር አጋንኖ መጠየቅ በራሱ ዋጋ አለው። ገንዘቡ በእውነት የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። የጠበቃው አበል በስምምነት ነው፤ በገበያው አስር በመቶ ሲባል ብዙ ጊዜ ትሰማላችሁ፣ ግን አስር በመቶ የምን? የተጠየቀው ነው የተፈረደው ነው በእጅ የገባው? ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ሂሳቦች ናቸው። ይግባኝን ይጨምራል ወይ? አፈጻጸምንስ? ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው፤ ደንበኛዋ «ከፍዬ ጨርሻለሁ» ስትል ጠበቃው «ያ ለመጀመሪያ ደረጃ ነው» ይላል። ከዚያ መስኮቶቹን የሚመረምር ባለሙያ ፍርድ ቤቱ ካዘዘ የእሱ አበል አለ፣ ለአፈጻጸም ደግሞ የንብረት ግምትና የሐራጅ ወጪ።

የተረታ ወገን ወጪና ኪሳራ ይከፍላል የሚለው እውነት ነው፣ ግን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 462 መሠረት ማን ምን ያህል ይክፈል የሚለውን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ከኪስ የወጣው ሁሉ ተቆጥሮ ይመለሳል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በከፊል ከረታችሁ ደግሞ «ወጪያችሁን ቻሉ» መባልም አለ።

ለምሳሌያችን እንዲህ እንበል፦ ጠበቃ 150,000 ብር፣ ሌላው ሁሉ ተደምሮ 70,000 ብር፣ ከዚህ ውስጥ 100,000 ብር ያህል ይመለሳል። ከኪሷ የሚቀረው ወጪ 120,000 ብር ነው።

ደብዳቤዎች ብዙ ጊዜ የሚያልቁት እዚህ ነው። ዋናው ነገር ግን ገና አልተነካም።

ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ሁለት ሥራ ነው። ጉዳዩ ከ10 ሚሊዮን ብር በታች ስለሆነ ወደ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከፍርዱ በኋላ ተቋራጩ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይግባኝ ማለቱ ብቻውን አፈጻጸሙን አያቆመውም፣ ይግባኝ ሰሚው ግን ሊያግደው ይችላል። እግዱ ከተነሳ በኋላ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፣ ንብረት ይፈለጋል፣ እንዳይሸሽ ተይዞ ይከበራል፣ ይገመታል፣ በሐራጅ ይሸጣል። ንብረት ከሌለስ? «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። በክፈፍ ውስጥ ሊሰቀል የሚችል ቆንጆ ፍርድ ይዛ ትቀመጣለች።

ስለዚህ ጠበቃው ክስ ከመክፈቱ በፊት ማጣራት ያለበት የተቋራጩን ኪስ ነው። ማሽኖቹ በባንክ ብድር የተያዙ ናቸው? ከሆነ ባንኩ ይቀድማታል። የሚነዳው መኪና በማን ስም ነው? ከሕንፃው ባለቤት ገና የሚቀበለው ክፍያ አለው? ይህ የመጨረሻው ወርቅ ነው፤ በሦስተኛ ወገን እጅ ያለ ገንዘብ ሊያዝ ይችላልና። ተቋራጩ ንብረቱን ሊያሸሽ እንደሆነ ማሳየት ከተቻለ ደግሞ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 151 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ከፍርድ በፊት እንዲከበር መጠየቅ ይቻላል። ፍርድ ቤት ይህን በወሬ አይሰጥም። «ሊሸሽ ነው አሉ» አይበቃም፤ ለሽያጭ የወጣ ማስታወቂያ፣ የስም ዝውውር ጅማሮ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልጋል።

አሁን ሂሳቡን እናገናኘው። መሃለኛው ውጤት 1,236,000 ብር ነበር። ከይግባኝና ከአፈጻጸም ጋር ሁለት ዓመት ወሰደ እንበል። የሁለት ዓመት ወለድ 222,480 ብር ነው፣ ድምሩ 1,458,480። ወጪውን 120,000 ስንቀንስ 1,338,480 ብር ይቀራል። አሪፍ ነው። ግን የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዋጋ በዓመት 15 በመቶ እየጨመረ ቢሄድ ያ ገንዘብ በዛሬ አቅም ሲለካ አንድ ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ይህም ሙሉ በሙሉ ከተሰበሰበ ነው። የመሰብሰቡ ዕድል ከአራት ሦስት ነው ከተባለ ግምቱ ወደ 760,000 ይወርዳል።

ተቋራጩ በሽማግሌ በኩል ልኮ «1,100,000 ብር ልክፈል፣ 500,000 አሁን፣ 600,000 ከስድስት ወር በኋላ» አለ እንበል። የመጀመሪያው ስሜቷ «400,000 ብሬን ሊበላኝ» ነው። በዛሬ አቅም ስንለካው ግን ይህ ስምምነት 1,060,000 ያህል ነው፤ ለጠበቃው ለድርድሩ 60,000 ብትከፍል አንድ ሚሊዮን ይቀራታል። ማለትም ክሱ በመሃለኛው ውጤት አልቆ፣ ገንዘቡም ሳይጎድል ተሰብስቦ ቢሆን ከምታገኘው ጋር እኩል ነው፣ ያለ ሁለት ዓመት ቀጠሮ። 400,000 ብር የተባለው ኪሳራ አብዛኛው ቀድሞውንም ያልነበረ ገንዘብ ነው።

ይህ ማለት ሁልጊዜ ተስማሙ ማለት አይደለም። ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱን ብቻ ቀይሩት፣ ምክሩ ይገለበጣል። ከሕንፃው ባለቤት የሚጠበቅ በቂ ክፍያ ካለና ማስከበር ከተቻለ፣ የመሰብሰብ ስጋቱ ይጠፋል፣ የድርድር አቅሟም ይጨምራል፤ ያኔ 1,250,000 ብትጠይቅ አያስኬድም አይባልም። ወይም ደግሞ 600,000ው ከስድስት ወር በኋላ የሚከፈለው ያለ ምንም ዋስትና ከሆነ፣ የቀረበላት ስምምነት 1,100,000 አይባልም። 500,000 ብርና አንድ ተስፋ ነው። ደግሞ እንዲህ ያለ ባለዕዳ አለ፣ ድርድርን ጊዜ መግዣ የሚያደርግ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ስለ ጠቅላላ መጠኑ በደስታ ያወራል፣ ስለ መጀመሪያው ክፍያ ቀን ሲጠየቅ ግን ወሬ ይቀይራል።

እናም ደብዳቤው «መስማማት» የሚለውን በጥቅሉ አይተወውም፤ በምን መልክ የሚለውን ይዘረዝራል። የመጀመሪያው በአንዴ ቀንሶ መቀበል ነው፣ ንጹህ ነው፣ ያልቃል። ሁለተኛው በክፍል በክፍል ነው፣ ይህ ሲሆን አንድ ክፍያ ካለፈ ቀሪው ሁሉ በአንዴ እንዲጠየቅ የሚል አንቀጽና የሚታመን ዋስ ያስፈልጋል። (ቼክ ጻፈልኝ ብሎ መረጋጋት ብዙ ሰው አስለቅሷል፤ ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ወረቀት ነው፣ ወንጀል መሆኑ ገንዘቡን አይተካም።) ሦስተኛው ስለ ቦታው ነው። ውጭ ተፈራርሞ መለያየት ይቻላል፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እንዲህ ያለ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያስራል። ባለዕዳው አልከፍልም ካለ ግን ስምምነቱን ይዞ እንደ አዲስ ክስ መሄድ ሊመጣ ነው። ክሱ ተከፍቶ ስምምነቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 እስከ 277 ባለው መሠረት መዝገብ ላይ ከጸደቀ ግን በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ይኬዳል። ለዚህ ነው አንዳንድ ጊዜ ለመስማማት ክስ መክፈት የሚያዋጣው፤ ለደንበኛ ይህ ግራ የሚያጋባ ነገር ስለሆነ በደንብ ይብራራ።

ከዚህ ጋር አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ጠበቃ በደንበኛው ስም ለመስማማት ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 በጠቅላላ ውክልና ብቻ እንዲህ ያለ ነገር አይፈቅድም። ውክልናው ላይ «የመታረቅ፣ የመስማማት» የሚሉ ቃላት አሉ ወይ? ከሌሉ አስማሚው ፊት ቀርቦ ጥሩ ቁጥር ላይ ሲደረስ «ደንበኛዬን ልጠይቅ» ተብሎ ቀጠሮ ይለወጣል፣ በመሃል የተቋራጩ ሐሳብ ይቀየራል። ካሉ ደግሞ ደንበኛዋ ሳታውቅ በስንት ሊስማማላት እንደሚችል ትወቅ። ሁለቱም ያሳስባል፣ ስለዚህ ደብዳቤው ዝቅተኛውን መጠን በጽሑፍ እንድታረጋግጥ ይጠይቃታል፤ ለምሳሌ «ከ950,000 ብር በታች ያለ እኔ ፈቃድ አይስማሙ»።

ደብዳቤው ስለ ራሱም አንድ ነገር ሊል ይገባል፦ ለማንም አይላክ። ለወንድም ተብሎ በቴሌግራም የተላከ ወረቀት ሰፈሩን ዞሮ ተቋራጩ ጋ የሚደርስበት መንገድ አጭር ነው፣ በውስጡ ደግሞ «12ቱ መስኮቶች ልካቸው ተሳስቷል» ተብሎ ተጽፏል። በዚያው መንፈስ፣ ድርድሩ ላይ እያለች ለተቋራጩ «መስኮቶቹ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ግን...» ብላ በመልእክት እንዳትጽፍ። «ጉዳዩን ለመጨረስ ያህል ይህን እቀበላለሁ» ማለት በቂ ነው።

መዝጊያው ላይ ጠበቃው የራሱን ምክር ይጻፍ። «ምርጫው የእርስዎ ነው» ብቻ ብሎ ማቆም ኃላፊነትን መሸሽ ነው፤ ደንበኛዋ የከፈለችው ለአስተያየቱም ጭምር ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍላት ነበር፦

«ምክሬ ይህ ነው። ነገ ማስጠንቀቂያ እንስጥ፣ ወለዱ መቆጠር ይጀምር። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ከሕንፃው ባለቤት የሚቀበለው ክፍያ እንዳለ አጣራለሁ። ካለ ክስ ከፍተን እንዲከበር እንጠይቅና ከዚያ በ1,250,000 እንደራደር። ከሌለ 1,100,000ውን በዋስ ከሰጠን ይቀበሉት፤ ያለ ዋስ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ክፍያ ወደ 800,000 ከፍ እንዲያደርግ እንጠይቅ። እስከ ዓርብ ይወስኑና በዚሁ ወረቀት ጀርባ ፈርመው ይመልሱልኝ፣ ያልገባዎት ነገር ካለ ከመፈረምዎ በፊት ይደውሉ።»